ፍላጎት ነው ወይስ ይሉኝታ? የማችን መልስ ስለ ማንበብ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በፍቅር መተዋወቂያ መተግበሪያ ላይ ተመራርጣችሁ ማች አድርጋችሁ ወሬው ከተጀመረ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ የሚመጣ ጭንቀት አለ። ሰውየው ይመልሳል፣ አይሳደብም፣ አይጠፋም። ግን ፈልጎ ነው የሚያወራው ወይስ ዝም ማለት ከብዶት? ሰዎች ይህን ለመለየት የመልሱን ርዝመት፣ የመጣበትን ሰዓትና መልሶ መጠየቁን ያያሉ። ሦስቱም ይጠቅማሉ፤ እኩል ግን አይመዝኑም።

ከሦስቱ የቱን ልመን?

መልሶ መጠየቁን። ያም ቢሆን ጥያቄ ሁሉ አንድ አይደለም። «አንተስ?» እና «አንቺስ?» የሰላምታ ዘመዶች ናቸው። «ደህና ነኝ፣ አንተስ?» እንደምንለው ከአፍ ይወጣሉ፤ መልሱን ለመስማት ላይሆን ይችላል። የሚያወራኝ ሰው ጨዋ መሆኑን ይነግሩኛል፣ ከዚያ አያልፉም።

ክብደት ያለው ጥያቄ እናንተ አሁን ካላችሁት ነገር ላይ አንድ ቃል ይዞ የሚመጣው ነው። «ትላንት እህቴን ስሸኝ አመሸሁ» ብላችሁ «ወዴት ሄደች?» ከተባላችሁ ያ ሰው መልእክቱን አንብቧል፣ በሐሳቡ አስቦታል፣ የጎደለውን ደግሞ ማወቅ ፈልጓል። ይህን ለይሉኝታ ሲሉ ደጋግሞ ማድረግ ያደክማል። ለዚህ ነው የሚታመነው።

እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ጥናት ጥያቄዎችን በዓይነት ለይቶ ነበር፤ የተጠየቁትን መልሶ መጠየቅ ለብቻ፣ ከሰማው ተነስቶ የሚጠይቅ ተከታይ ጥያቄ ለብቻ። ሰዎች ለጥቂት ደቂቃ እየተቀያየሩ በሚተዋወቁበት ዝግጅት ላይ ተከታይ ጥያቄ አብዝተው የጠየቁት ለሁለተኛ ቀጠሮ እሺ የሚላቸው ሰው በዝቶላቸዋል። ልብ በሉ፣ ጥናቱ የሚለው ጠያቂው ይወደዳል ነው። ጠያቂው ወዷል ማለት ነው የምለው እኔ ነኝ፣ እሱንም ከልምድ ነው።

ልዩነቱን በምሳሌ ማየት ይቻላል?

ይቻላል። አንድ ልጅና አንዲት ልጅ ማች አደረጉ እንበል። ንግግራቸው ይህን ይመስላል።

እሱ፦ ሰላም፣ ፎቶሽ ላይ ያለው ጊታር የራስሽ ነው?
እሷ፦ ሰላም፣ አዎ የኔ ነው
እሱ፦ ከጀመርሽ ቆየሽ?
እሷ፦ 2 ዓመት ገደማ
እሱ፦ አስተማሪ አለሽ ወይስ በራስሽ ነው?
እሷ፦ በራሴ። አንተስ ምን ትሠራለህ?
እሱ፦ የሕንፃ ንድፍ እሠራለሁ። አሁን አንድ ቤት ይዘን ደረጃው 3 ጊዜ ተቀየረብኝ፣ ሌሊት ሁሉ በሕልሜ ደረጃ ስወጣ ነው የማድረው
እሷ፦ ደስ ይላል

ሁሉም መልስ በ5 ደቂቃ ውስጥ መጥቷል። መሐል ላይ ጥያቄም አለ። ልጁ ምናልባት «ስለ እኔ ጠየቀችኝ» ብሎ ደስ ብሎት ይሆናል። እኔ ግን የማየው የመጨረሻዋን መልስ ነው። ሥራው 3 ጊዜ ተበላሽቶበት እንቅልፍ ያጣ ሰው ምኑ ነው ደስ የሚለው? መልሱ ከመልእክቱ ጋር አይገጥምም። ጥያቄዋም የተጠየቀው ተራዋ ስለደረሰ ነው፤ መልሱ ሲመጣ የተቀበለው ሰው የለም።

አሁን መጨረሻውን ብቻ እንቀይረው። ልጁ ስለ ደረጃው ጽፎ ልጅቷ ዝም ትላለች። 1 ሰዓት፣ 3 ሰዓት፣ ሌሊቱም ያልፋል። ከ9 ሰዓት በኋላ፣ ጠዋት ላይ ይህ ይመጣል፦

እሷ፦ 3 ጊዜ? ማን ነው የሚቀይረው?

ከአምስት ቃል የማትበልጥ፣ በጣም የዘገየች መልስ ናት። በርዝመትና በሰዓት ብንመዝናት ከመጀመሪያዋ አትሻልም። ግን «3 ጊዜ» የሚለውን ይዛ መጥታለች። ያደረውን ነገር አስታውሳ ነው የጻፈችው።

እዚህ ላይ የምጠቀምባት አንዲት ቀላል ዘዴ አለችኝ። መልሱን ቆርጣችሁ ከሌላ መልእክት ሥር ለጥፉት። «ደስ ይላል» ከየትኛውም ወሬ ሥር ይገባል፤ «እሺ»፣ «አሪፍ ነው»፣ «ሃሃሃ» እና ብቻውን የተላከ የፈገግታ ኢሞጂም እንደዚያው። «ማን ነው የሚቀይረው?» ግን ከዚያ መልእክት ውጭ ቦታ የለውም። አንድ ሁለት ለጣፊ መልስ ማንም ይልካል። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ «ደስ ይላል» ብዬ የመለስኩለት ሰው አባቱ መታመማቸውን የነገረኝ ነበር፤ ድስት እያማሰልኩ የመጀመሪያውን መስመር ብቻ ነበር ያየሁት። እስካሁን ያሳፍረኛል። ተደጋግሞ ሲመጣ ነው መቁጠር ያለባችሁ።

መልሷ ሁልጊዜ አጭር ነው። ሰልችቻታለሁ ማለት ነው?

ርዝመት ብቻውን ብዙ ያሳስታል፣ በአማርኛ ደግሞ ይብሳል። «አልተመቸኝም» አንድ ቃል ነው፤ ውስጡ ግን ማን፣ ምን፣ መቼ የሚለው ሁሉ አለ። ስለዚህ ቃል አትቁጠሩ፤ አዲስ ነገር ቁጠሩ። በመልሱ ውስጥ ከዚህ በፊት የማታውቁት ነገር ስንት አለ? «አዎ፣ በጣም፣ እኔም እንደዛው ነኝ፣ እውነትህን ነው» ሰባት ቃል ሆኖ ያቀበለው ነገር የለም። «አልወድም፣ ውሻ ነክሶኛል» ሦስት ቃል ነው፤ አንድ ሙሉ ታሪክ ግን ጥሎ ሄዷል። ቀጥሎ ምን እንደምትጠይቁ ማሰብ አያስፈልጋችሁም።

ሁለተኛው ነገር ሰው የራሱ ልክ ያለው መሆኑ ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አጭር የሚጽፍ ሰው በአራተኛው ቀንም አጭር ቢጽፍ ምንም አልተለወጠም። በመጀመሪያው ቀን ሦስት አራት መስመር ይጽፍ የነበረ ሰው በአራተኛው ቀን «እሺ» ላይ ከደረሰ ግን አንድ ነገር ቀዝቅዟል። ማወዳደር ያለባችሁ ሰውየውን ከራሱ ጋር ነው። ከእናንተ ጋር ወይም ከጓደኛችሁ ማች ጋር ስታወዳድሩት ያልነበረ ችግር ታያላችሁ።

አንድ አደገኛ ቅርጽ አለ። የእሱ መልስ ሲያጥር እኛ ባዶውን ለመሙላት እናስረዝማለን። ስልኩን ከፍታችሁ ወደ ላይ ስትወጡ ስክሪኑ በእናንተ መልእክት ከተሞላና የእሱ በየመሐሉ እንደ ነጥብ ከታየ፣ ወሬውን አንድ ሰው ብቻ እየተሸከመ ነው።

ሰዓታት ቆይቶ ይመልሳል። ፍላጎት ቢኖረው ቶሎ አይመልስም ነበር?

የግድ አይደለም። በአካል ስንነጋገር በአንዱ ንግግርና በሌላው መልስ መሐል ያለው ክፍተት በአማካይ ከሩብ ሰከንድ አይበልጥም፤ ጆሯችን የለመደው ያንን ነው። የጽሑፍ መልእክት ግን ሥራ፣ እንቅልፍ፣ ስብሰባና ያለቀ ባትሪ በመሐል ይገባበታል። በዚያ ጆሮ መዳኘት አይሆንም።

ቆይታውን መለካት ከፈለጋችሁ አማካይ አትውሰዱ። አንድ ሰው በ4፣ በ7፣ በ5 እና በ6 ደቂቃ መልሶ አንድ ሌሊት ደግሞ 9 ሰዓት ቢተኛ አማካዩ ወደ 2 ሰዓት ይጠጋል። እንዲህ የሚመልስ ሰው ግን የለም፤ በ2 ሰዓት የመጣ አንድም መልስ የለም። ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድራችሁ መሐለኛውን ብትወስዱ 6 ደቂቃ ነው። እውነቱ እሱ ነው።

ከመዘግየቱ ይልቅ እኔ የማየው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ከመጣ በኋላ ይቆያል ወይ? ማታ 3 ሰዓት ላይ መልሶላችሁ፣ እናንተም ወዲያው ጽፋችሁለት፣ ከዚያ አራት አምስት መልእክት ከተለዋወጣችሁ፣ ቀኑን ሙሉ መጥፋቱ ችግር አይደለም። ጊዜ ሲያገኝ ለእናንተ ሰጥቷል። በየቀኑ ብቅ ብሎ አንድ መልስ ጥሎ፣ የእናንተ መልስ ሳይደርስ የሚወጣ ሰው ግን ያልተከፈተ መልእክት እያጸዳ ነው።

ሁለተኛው፣ ዘግይቶ ሲመጣ ምን ይዞ ይመጣል? «ይቅርታ ቢዚ ነበርኩ» ብቻ ከሆነ ወሬው እዚያው ቆሟል፤ የማስነሳቱ ሥራ ተመልሶ የእናንተ ሆኗል። «ይቅርታ ዛሬ ተይዤ ዋልኩ። ያ ደረጃ ግን ምን ሆነ?» ከሆነ መዘግየቱን እርሱት። ቢዚ መሆን ለሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል፤ ልዩነቱ ክሩን ማን አነሳው የሚለው ላይ ነው።

ኦንላይን ሆኖ፣ አንብቦም ካልመለሰስ?

ብዙም አትቁጠሩት። ሰው መልእክትን ከመቆለፊያ ስክሪኑ ላይ በጨረፍታ ያያል፣ በታክሲ ውስጥ ይከፍታል፣ «ረጋ ብዬ እመልሳለሁ» ብሎ ይረሳል። እንዲያውም ተጠንቅቆ መመለስ የሚፈልገው ሰው የሚዘገይበት ጊዜ አለ። እየጻፈ መሆኑን በሚያሳዩት ነጥቦች መንቀሳቀስ ላይ ትንታኔ መሥራት ለራስ ጭንቀት መግዛት ነው።

ረጅም ይጽፋል፣ ግን አንድም ጥያቄ አይጠይቅም። ይህስ ምን ይባላል?

ይህ ከሁሉም ይከብዳል፤ ሁለት ፍጹም የተለያዩ ሰዎች ተመሳሳይ ነገር ይጽፋሉ። አንዱ ስለ ራሱ ማውራት የሚወድ ነው፤ እናንተ ባትሆኑም ሌላ ሰው ቢሆንም ያው ነው። ሌላው ደግሞ መጠየቅን እንደ መመርመር ስለሚቆጥር የራሱን እያካፈለ እናንተም እንድታካፍሉ የሚጠብቅ ነው። ሁለተኛው ሰው በጭራሽ አልሰለቸውም።

መለያው የጥያቄ ምልክቱ ላይ የለም። እናንተ ያላችሁት ነገር በመልሱ ውስጥ ይገኛል ወይ? «እኔ በልጅነቴ ጨለማ እፈራ ነበር» ብላችሁ «እኔ ደግሞ እስካሁን ኮሪደር ላይ መብራት አብርቼ ነው የምተኛው» ቢል፣ ጥያቄ ባይኖርበትም ከእናንተ ቃል ተነስቶ ነው የመጣው። እሱን እንደ ተከታይ ጥያቄ ቁጠሩት። ስለ ጨለማው አንድም ቃል ሳይል ትላንት ወዳቋረጠው የራሱ ታሪክ ከተመለሰ ግን እናንተ ለእሱ ማይክሮፎን ናችሁ።

ካላወቃችሁ ደግሞ መንገር ይቻላል። «ብዙ ሰማሁሽ፣ አሁን አንድ ነገር ጠይቂኝ» የሚል ቀለል ያለ መልእክት ብዙ ነገር ያወጣል። የሚያካፍለው ዓይነት ሰው ይስቅና ይጠይቃል። ማውራት ብቻ የሚወደው «ምን ልጠይቅህ?» ብሎ ያልፋል።

እኔ ብሆንስ አሰልቺው?

ከመፍረዳችሁ በፊት ይህን ማየት ይገባል፤ አብዛኛው ሰው አያየውም። ከላይ ያለውን ንግግር ተመለሱበት። ልጁ ያቀረባቸው የመጀመሪያ ሦስት ጥያቄዎች በአንድ ቃል የሚዘጉ ናቸው፦ የራስሽ ነው ወይ፣ ቆየሽ ወይ፣ በራስሽ ነው ወይ። «አዎ»፣ «2 ዓመት»፣ «በራሴ» ትክክለኛ መልሶች ናቸው፤ ልጅቷ ስለሰለቻት ብቻ አይደለም ያሳጠረችው። ፎርም እያስሞላ ነበር። ንግግሩ በሩን የከፈተው እሱ ራሱ ስለ ደረጃው ሲናገር ነው፣ ለዚህም ነው ከዚያ በኋላ ያለውን መልስ ብቻ የመዘንኩት።

ሌላው ስህተት በአንድ መልእክት አራት ጥያቄ መደርደር ነው። ሰው የመጨረሻውን ይመልስና ሌላውን ይተወዋል። ከዚያ «ሦስቱን ዘለለችኝ» ብሎ ቅሬታ መያዝ ፍትሐዊ አይደለም።

ጥርጣሬዬን የምፈትንበት መንገድ አለ?

አለ፣ ከባድም አይደለም። አንድ ጊዜ ጥያቄ ሳታስከትሉ ጻፉ። ይሉኝታ የሚንቀሳቀሰው በጥያቄ ነው፤ ሲጠየቁ አለመመለስ ነውር ስለሚመስል ሰው ይመልሳል። ጥያቄውን ስታነሱት የመመለስ ግዴታው ይነሳል፣ የሚቀረው ፍላጎት ብቻ ነው።

መልእክቱ ግን የሚያዝ ነገር ሊኖረው ይገባል። «ዛሬ ደክሞኛል» ማንም ምንም ሊያደርገው አይችልም። «ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ በ6 ዓመቴ የተጣላሁትን ልጅ መንገድ ላይ አገኘሁት፣ አላወቀኝም» ብላችሁ ዝም በሉ። የፈለገ ሰው «ምን አድርጎህ ነበር?» ሳይል አያልፍም። «ሃሃሃ አሪፍ» ከመጣ ወይም ምንም ካልመጣ፣ በሌላ ቀን በሌላ ነገር አንዴ ድገሙት። ሁለቱም ከወደቁ መልሱን አግኝታችኋል።

ከዚህ ጋር የሚሄደው ሁለተኛው ፈተና ወሬው ሲተኛ ማን ቀሰቀሰው የሚለው ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ ወሬው አራት ጊዜ ከቆመና አራቱንም ጊዜ «ሰላም፣ እንዴት አደርሽ» ያላችሁት እናንተ ከሆናችሁ፣ የአምስተኛውን ጠዋት ተዉት። ፈተና ብላችሁ አንድ ወር ዝም አትበሉ እንጂ፤ ሁለት ሦስት ቀን ይበቃል። ከዚያ በላይ ሲሆን እናንተም የሰለቻችሁ ትመስላላችሁ፣ ያኔ ሁለታችሁም እርስ በርስ ስትጠባበቁ ነው።

ስንት መልስ ካየሁ በኋላ ነው መወሰን ያለብኝ?

የእኔ ልክ ወደ 10 መልስ ነው፣ ቢያንስ በ3 የተለያዩ ቀናት። በአንድ ምሽት የመጡ 10 መልሶች ስለዚያ ምሽት ብቻ ነው የሚናገሩት፤ ሰው ራሱን አሞት ወይም ከአለቃው ጋር ተጣልቶ ሊሆን ይችላል። ከ10ሩ ውስጥ ከእናንተ ቃል የተነሱት ስንት ናቸው ብላችሁ ቁጠሩ። ሦስት አራት ካሉ ቀጥሉ፣ ጥሩ እየሄደ ነው። አንድም ከሌለ ፍጥነቱና ርዝመቱ አያጽናናችሁ።

ቶሎ ይመልሳል፣ ረጅም ይጽፋል፣ ይጠይቃልም። ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ?

ምን እንደሚጠይቅ ማየት ትፈልጋላችሁ። ሦስቱንም ምልክት አሟልቶ የሚመጣ አንድ ሌላ ዓይነት ሰው አለ፤ አጭበርባሪ። ሥራው ስለሆነ አይሰለቸውም። ጥያቄዎቹ ግን የሚያርፉበት ቦታ ይለያል፦ ብቻህን ነው የምትኖረው? ቤቱ የራስሽ ነው? ምን ያህል ይከፍሉሃል? በመጀመሪያው ቀን ከመተግበሪያው ወጥተን በሌላ እናውራ ይላል፣ የቪዲዮ ጥሪ ሲባል ሁልጊዜ ካሜራው ተበላሽቷል፣ ትንሽ ቆይቶ የገንዘብ ችግር ይመጣል። የፈለጋችሁ ሰው ስለ 6 ዓመት ልጅ ጠብ ይጠይቃል። የደመወዝ ጥያቄ በሁለተኛው ቀን ከመጣ ፍላጎቱ በእናንተ ላይ አይደለም።

ይሉኝታ መሆኑን ካወቅሁ ምን ልበል?

«ለምን አትጠይቂኝም?» ብሎ መውቀስ ትርፉ ሌላ የይሉኝታ መልስ ነው፤ «ኧረ አይደለም፣ ቢዚ ሆኜ ነው» ትላለች፣ እናንተም አምናችሁ ሌላ ሳምንት ትቆያላችሁ። እኔ የምልከው አንድ መልእክት ነው፣ በሩን ክፍት አድርጎ ግዴታውን የሚያነሳ፦

«ካንቺ ጋር ማውራት ደስ ይለኛል፣ ግን ወሬውን እየጎተትኩት መሰለኝ። ከፈለግሽ በተመቸሽ ጊዜ ጻፊልኝ፤ ካልሆነም ምንም አይደለም፣ መልካሙን ሁሉ።»

አንዳንዱ በዚያው ይቀራል። አንዳንዱ «ልክ ነህ፣ ይቅርታ፣ አሁን ለዚህ ዝግጁ አይደለሁም» ይላል፣ ይህን ማለት ለብዙ ቀን ሲከብደው የነበረ ሰው ነው። ጥቂቶች ደግሞ ከሳምንት በኋላ «ያ ደረጃ አለቀ?» ብለው ይመጣሉ።